ጋሼ የጻፉት ስድስት ገጽ እና እኔ የሞላሁት ስም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ ትንሽ አገር በቀል ድርጅት የፕሮጀክት ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ዘንድሮ በአንድ ገጠር ቀበሌ ምንጭ ልናጎለብት ነው። የ2018ን እቅድ የጻፉት ሥራ አስኪያጃችን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስድስት ገጽ ነው፣ ሲያነቡት ደስ ይላል። ለጋሹ ግን ምዕራፍ፣ ተግባር፣ ኃላፊና ቀን ያለው ሰንጠረዥ ይሁንልን አለ። ጋሼም «አንቺ ኮምፒውተር ትችያለሽ፣ ዝም ብለሽ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገቢው» አሉኝ። አንዱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«የቅድመ ዝግጅት ሥራው በታኅሣሥ ወር ውስጥ የሚጠናቀቅ ሲሆን፣ ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር የቦታ መረጣ ተደርጎ የውሃ ኮሚቴ ይቋቋማል። ጎን ለጎንም የአካባቢ ቁሳቁስ በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ይሰበሰባል፣ ሲሚንቶና ቧንቧ ይገዛል። ግንባታው ከጥር አጋማሽ ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ ይከናወናል። የውሃ ጥራት ምርመራ ተደርጎ፣ ለኮሚቴው ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ከፋሲካ በፊት ርክክብ ይፈጸማል።»

ማን ምን እንደሚሠራ አልተጻፈም። ጋሼን ልጠይቅ ብል «እቅድዎ ጎደሎ ነው» ያልኩ ይመስልብኛል፣ ሌላ ሰው ስም ብጽፍ ባልደረቦቼ ይቆጡኛል። ስለዚህ ባዶው ላይ ሁሉ የራሴን ስም ጻፍኩ። ቀኖቹንም በግምት ሞላሁ። ደግሞ ቀን ስጽፍ ኤክሴሉ አንዱን ይቀበላል፣ አንዱን አይቀበልም። ሐሙስ መላክ አለበት። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስምሽን ስትጽፊ «ይህን እኔ እሠራዋለሁ» ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ ወይስ ባዶው ሳጥን ስላስጨነቀሽ? መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ምክንያቱም ያ ሰንጠረዥ ሐሙስ ከተላከ በኋላ የሲሚንቶ ግዢ የአንቺ ነው፣ ግንባታው የአንቺ ነው፣ የውሃ ምርመራውም የአንቺ ነው። ለጋሹ በየካቲት ደውሎ «የማጠራቀሚያው ኮንክሪት የት ደረሰ?» ሲል የሚፈልገው አንቺን ነው።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሽው በስንፍናም በፍርሃትም ብቻ አይደለም። ቋንቋችንም አለበት። የጋሼን አንቀጽ እስቲ እንደገና እይው። «ይቋቋማል፣ ይሰበሰባል፣ ይገዛል፣ ይከናወናል፣ ይፈጸማል።» ማን ያቋቁማል? ማን ይገዛል? በአማርኛ እቅድ ስንጽፍ እንዲህ ነው የምንጽፈው፣ ለሁላችንም ጨዋና ሥርዓት ያለው ይመስለናል። ሰንጠረዥ ግን «ይገዛል» የሚል ቃል አይቀበልም፣ «ማን?» ብሎ ይጠይቃል። እንደዚህ የተጻፈ ግሥ ሁሉ ኃላፊ የሚለው ሳጥን ላይ አንድ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ጋሼ ረስተውት አይደለም፤ ዝርዝር ሳይሆን የሚነበብ እቅድ ነው የጻፉት። ይህን ከያዝሽ እሳቸውን መጠየቅም ይቀልሻል፣ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን የሞላሽውን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጪና አዲስ ባዶ ክፈቺ። እቅዱን በወረቀት አትሚው። እርሳስ ያዢና ግሦቹን ብቻ አስምሪባቸው። በዚህ አንቀጽ ስምንት ሥራ ታገኛለሽ፦ ቦታ መረጣ፣ ኮሚቴ ማቋቋም፣ ቁሳቁስ መሰብሰብ፣ ግዢ፣ ግንባታ፣ ምርመራ፣ ሥልጠና፣ ርክክብ። ስምንት ግሥ፣ ስምንት ረድፍ። ከዚያ በየረድፉ እቅዱ ውስጥ በግልጽ የተጻፈውን ብቻ አስገቢ፣ ያልተጻፈው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊ። እንዲህ ይሆናል፦

| ምዕራፍ | ተግባር | ኃላፊ | መጀመሪያ | ማብቂያ |
|---|---|---|---|---|
| ዝግጅት | ቦታ መምረጥ | ? (ከወረዳው ውሃ ጽ/ቤት ጋር) | ? | ታኅሣሥ 30 |
| ዝግጅት | የውሃ ኮሚቴ ማቋቋም | ? | ? | ታኅሣሥ 30 |
| ዝግጅት | የአካባቢ ቁሳቁስ መሰብሰብ | ? (ኅብረተሰቡ ይሳተፋል) | ? | ? |
| ዝግጅት | ሲሚንቶና ቧንቧ መግዛት | ? | ? | ? |
| ግንባታ | ምንጩን መገንባት | ? | ጥር 15 | መጋቢት 15 |
| ማስረከብ | የውሃ ጥራት መመርመር | ? | ? | ? |
| ማስረከብ | ኮሚቴውን ማሠልጠን | ? | ? | ? |
| ማስረከብ | ርክክብ | ? | ? | ከፋሲካ (ሚያዝያ 4) በፊት |

ከ16ቱ የቀን ሳጥኖች የተሞሉት አምስት ናቸው። ከስምንቱ ኃላፊዎች የታወቀ አንድም የለም። አውቃለሁ፣ ስታዪው ደስ አይልም። ግን እውነቱ ይሄ ነው፣ ያንቺ ሥራም እዚህ ድረስ ያለውን በትክክል ማሳየት ነው።

በግምት መሙላት ለምን እንደማልወድ ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ በአንድ ድርጅት ውስጥ እንዳንቺው እቅድ ወደ ሰንጠረዥ እንድገለብጥ ተሰጠኝ። የሲሚንቶ ግዢ ቀን አልተጻፈም ነበር፣ እኔ «ቶሎ ቢገዛ ይሻላል» ብዬ ሰኔ 5 ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም። በወረቀቱ ላይ እንደሌሎቹ ቀኖች ጥርት ብሎ የተጻፈ ቀን ነበርና ሁሉም የታሰበበት መሰላቸው። ሲሚንቶው በቀኑ ተገዛ። መጋዘን ግን አልተዘጋጀም፣ እሱም በእቅዱ አልተጻፈም ነበር። ክረምቱን በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ከረመ። መስከረም ላይ ከረጢቱን ሲከፍቱት ግማሹ ድንጋይ ሆኗል። ያዘዘ ሰው ሲፈለግ የተገኘው ሰንጠረዡ ነበር፣ ሰንጠረዡ ደግሞ እኔ ነበርኩ። በጽሑፍ ውስጥ «በቅርቡ ይገዛል» ሲባል አንባቢው ገና ያልተወሰነ መሆኑን ያውቃል። ሳጥን ውስጥ የገባ ግምት ግን ከእውነተኛው ቀን የሚለይበት ምንም ነገር የለውም።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንግባ፣ ብዙ ነገር የተደበቀው እዚያ ነው።

«ጎን ለጎን» የሚለውን ቃል ተጠንቀቂው። ሲነበብ ለስላሳ ነው፣ ሁለት ሥራ አብሮ የሚሄድ ይመስላል። ግን ድንጋይና አሸዋ የሚያወጣውን ሕዝብ ማን ያስተባብራል? ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ሳይቋቋም ቁሳቁስ መሰብሰብ አይጀመርም፣ ስለዚህ ጎን ለጎን አይደሉም፣ አንዱ ካንዱ ይቀጥላል። ለዚህ አንድ ዓምድ ጨምሪ፣ «ቀድሞ ማለቅ ያለበት» በይው። በየረድፉ «ይህ እንዲጀመር የትኛው ማለቅ አለበት?» ብለሽ ጠይቂና የዚያን ረድፍ ቁጥር ጻፊ። ሁለተኛ ነገር፣ ታኅሣሥ ለገበሬው ምን ጊዜ ነው? ብዙ ቦታ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። እህሉ አውድማ ላይ እያለ ድንጋይ ልሸከም የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ያንን ቀበሌ አንቺ ወይም የመስክ ባልደረባሽ ታውቁታላችሁ፣ ውቂያው መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ።

ቀጥሎ «በሁለት ወር ውስጥ»። ጥር 15 ዓርብ ነው፣ ሥራ የሚጀመረው ሰኞ ጥር 18 ነው እንበል። እስከ መጋቢት 15 ድረስ 58 ቀን አለ። ስምንት እሑድ አውጪ፣ 50 ይቀራል። የዓድዋን የካቲት 23 አውጪ። በብዙ የገጠር አካባቢ በሚካኤል በ12፣ በማርያም በ21፣ በባለወልድ በ29 የጉልበት ሥራ አይሠራም፣ እነዚያንም ስታወጪ 44 ቀን ይቀርሻል። ከ58 ወደ 44። ሁለት ሳምንት ከእጅሽ ወጣ ማለት ነው፣ ጽሑፉ ላይ ግን «ሁለት ወር» እንደሆነ አለ። የአካባቢው ሰው ሌላ በዓል የሚያከብር ከሆነ ደግሞ የእነሱን ቀን አስገቢ።

ቀን ቆጠራው ላይ ከሁሉ የከበደው ግን ኮንክሪቱ ነው። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን ይይዛል ተብሎ የሚታሰበው በ28 ቀን ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ግንባታ በአንድ ረድፍ «ጥር 15 – መጋቢት 15» ተብሎ ሲጻፍ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ የትም አይታይም። የማጠራቀሚያው ኮንክሪት የሚሞላው በመጨረሻው ቀን፣ መጋቢት 15 ቢሆን 28 ቀኑ የሚያልቀው ሚያዝያ 13 ነው። ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 4። እቅዱ ራሱን በራሱ ይቃረናል፣ በአንቀጽ ተጽፎ ግን ማንም አላየውም፣ ጋሼም፣ ለጋሹም፣ አንቺም።

ስለዚህ ግንባታ የሚለው አንድ ረድፍ አይበቃም፣ መከፈል አለበት። ግን ሁሉንም ነገር አትሰነጣጥቂ። የኔ መለኪያ ቀላል ናት፦ ኃላፊው ከተለወጠ ወይም መሃል ላይ መጠበቅ ካለ ክፈይው፣ ካልሆነ ተይው። ድንጋይ መፍለጥና ድንጋይ መደርደር ያው ግንበኛ በተከታታይ የሚሠራው ከሆነ ለየብቻ ረድፍ አያስፈልጋቸውም። ከግንበኛውና ከውሃ ባለሙያው ጋር ብትነጋገሩ የግንባታው ክፍል ለምሳሌ ይህን ሊመስል ይችላል፦

| ተ.ቁ. | ተግባር | ኃላፊ | መጀመሪያ | ማብቂያ | ቀድሞ ማለቅ ያለበት |
|---|---|---|---|---|---|
| 5 | የምንጩን ዓይን መቆፈርና በድንጋይ መገንባት | የመስክ ተቆጣጣሪ | ጥር 18 | የካቲት 6 | 3፣ 4 |
| 6 | የማጠራቀሚያውን ኮንክሪት መሙላት | የመስክ ተቆጣጣሪ | የካቲት 9 | የካቲት 20 | 5 |
| 7 | ኮንክሪቱ እስኪጠነክር መጠበቅ (28 ቀን) | የመስክ ተቆጣጣሪ | የካቲት 21 | መጋቢት 18 | 6 |
| 8 | ቧንቧ መዘርጋትና ቦኖ መገንባት | የመስክ ተቆጣጣሪ | የካቲት 24 | መጋቢት 15 | 5 |
| 9 | ኮሚቴውን ማሠልጠን | የፕሮጀክት ባለሙያ | መጋቢት 1 | መጋቢት 4 | 2 |
| 10 | ማጠራቀሚያውን መሙላት፣ በክሎሪን ማጠብ፣ ናሙና መውሰድ | ? | መጋቢት 19 | ? | 7፣ 8 |

ሰባተኛውን ረድፍ ልብ በይው። «መጠበቅ» ሥራ አይመስልም፣ ግን ረድፍ ያስፈልገዋል፣ ኃላፊም ያስፈልገዋል፣ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ማን እንደሆነ ካልታወቀ አይጠጣም። ሥልጠናውንም እይው። በጋሼ አንቀጽ ከምርመራ በኋላ ነው የመጣው፣ ዓረፍተ ነገሩ እንደዚያ ስለፈሰሰ ብቻ። በተግባር ሥልጠናው ምርመራውን አይጠብቅም፣ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ባለው ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የአንቀጽ ቅደም ተከተል የሥራ ቅደም ተከተል አይደለም።

ርክክቡ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው ካልን ሆሣዕና መጋቢት 27 ነው፣ ከማግስቱ ጀምሮ ሕማማት ነው። በሕማማት ሕዝብ ሰብስበሽ ምረቃ አታደርጊም። ስለዚህ «ከፋሲካ በፊት» ማለት በትክክል ሲጻፍ «እስከ ቅዳሜ መጋቢት 26» ማለት ነው። ማጠራቀሚያው መጋቢት 19 ከተሞላ፣ ክሎሪኑም፣ ናሙናውም፣ የላብራቶሪ ውጤቱም በሰባት ቀን ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ይቻል ይሆን? የሚያውቀው ናሙናውን የሚመረምረው ላብራቶሪ ነው፣ ደውለሽ ውጤት በስንት ቀን እንደሚሰጡ ጠይቂ። ካልደረሰ ርክክቡ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሁን ወይ የሚለውን ጋሼ ይወስኑ። አንቺ ቀኑን ራስሽ እንዳትገፊው። የአንቺ ድርሻ ቁጥሩን ፊታቸው ማስቀመጥ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የውሃ ጥራት ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ መሆኑ እኔን ያሳስበኛል። ውሃው ለመጠጥ የማይሆን ከሆነ ሁሉም ከተሠራ በኋላ ነው የሚታወቀው። ቦታ ሲመረጥም አንድ ምርመራ ቢኖር ይሻላል። ግን ይህ እቅዱን መለወጥ ነው፣ መገልበጥ አይደለም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ውስጥ አታስገቢው፣ ጥያቄሽ ዝርዝር ውስጥ አስገቢው። ይህ ልዩነት ይጠብቅሻል። ሰንጠረዡን እየሠራሽ በመሃል እቅዱን ካሻሻልሽው ጋሼ የሚፈርሙት የራሳቸው ያልሆነ ነገር ነው።

ኤክሴሉ የሚያስቸግርሽ ነገር ምን እንደሆነ ይገባኛል። ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ኮምፒውተርሽ ቀንን ከወር የሚያስቀድም ከሆነ፣ ጥር 18 ቀን 2018ን «18/05/2018» ብለሽ ስትጽፊ እንደ ፈረንጅ ሜይ 18 ቀን 2018 አድርጎ ይቀበልሻል፣ ምንም አይልሽም፣ አንቺ ግን ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደሻል። ጥቅምት 30ን «30/02/2018» ስትዪው ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ለዚህ ነው አንዱን ተቀብሎ ሌላውን እምቢ የሚለው። የሚያስፈራው ደግሞ የተቀበለው ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ አሰላለፉን ካልነካካሽው በስተቀር ኤክሴል ቀን ብሎ የተቀበለው ሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ያለው ወደ ግራ ይቀራል።

መፍትሔው ሁለት ጥንድ ዓምድ ነው። አንዱ ጥንድ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እውነተኛ ቀን፣ ለስሌትና ለለጋሹ። ሌላው ጥንድ በኛ አቆጣጠር፣ በፊደል «ጥር 18» ተብሎ፣ ለቢሮውና ለቀበሌው። ጥር 18 ቀን 2018 ጃንዋሪ 26 ቀን 2026 ነው፣ መጋቢት 15 ደግሞ ማርች 24። የፈረንጁን ስትጽፊ 2026-01-26 ብለሽ ጻፊው፣ ለጋሹ 5/6 የቱ ቀን የቱ ወር እንደሆነ እንዳይምታታበት። ከዚያ የ28 ቀኑንና የሥራ ቀኑን ኤክሴል ራሱ ይቆጥርልሽ። E ላይ መጀመሪያ፣ F ላይ ማብቂያ ቢኖር፣ በዓላቱንም በፈረንጅ ቀን K2 እስከ K10 ብትዘረዝሪ፣ ተግባር 5 በኤክሴሉ 5ኛ ረድፍ፣ ተግባር 6 በ6ኛው ረድፍ ላይ ቢሆን እንዲህ ነው፦

```
=F6+28
=NETWORKDAYS.INTL(E5,F5,11,$K$2:$K$10)
```

እዚያ ውስጥ ያለው 11 እሑድ ብቻ ዕረፍት ነው ማለት ነው፣ ገጠር ቅዳሜ ስለሚሠራ። ቢሮ ቅዳሜ የማትሠሩ ከሆነ ለቢሮ ሥራዎች 1 አድርጊው። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሪ ግን በእጅሽ በካላንደር ተመልክተሽ አረጋግጪ፣ የሳምንቱን ቀንም አብረሽ ጻፊ። በኛ ካላንደር ሰኞ የሆነ በፈረንጁ ማክሰኞ ከወጣ አንድ ቀን ስተሻል።

አሁን ኃላፊ ወደሚለው። እዚህ ላይ ነው ልብሽ የተጨነቀው።

በአንድ ረድፍ አንድ ሰው ይሁን። «ድርጅቱና ኅብረተሰቡ በጋራ»፣ «የሚመለከታቸው አካላት» የሚል አይግባ፣ ሁለት ሰው የተጻፈበት ረድፍ ላይ እያንዳንዱ ሌላው የያዘው ይመስለዋል። ኃላፊ ማለት ግን በእጁ የሚሠራው ሰው ማለት አይደለም። ድንጋዩን የሚያወጣው ሕዝብ ነው፣ ኃላፊው ግን ኮሚቴው ሰው መጥራቱንና ድንጋዩ ቦታው መድረሱን የሚከታተለው የመስክ ባልደረባችሁ ነው። ሕዝቡንና ወረዳውን «ተባባሪ» የሚል ዓምድ ጨምረሽ እዚያ ጻፊ። የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ሳታማክሪ ኃላፊ አድርገሽ እንዳትጽፊ፣ የማታዢውን ሰው ቀን እያስቆረጥሽው ነው። የዚያ ረድፍ ኃላፊ ከናንተ ወገን ደብዳቤውን የሚያደርሰውና ቀጠሮ የሚይዘው ሰው ነው።

ለለጋሹ የሚሄደው ላይ ደግሞ የሥራ መደብ ይሁን እንጂ የሰው ስም አይሁን፤ «የግዢ ሠራተኛ»፣ «የመስክ ተቆጣጣሪ»። ስሙ ቢሮ በሚቀረው ቅጂ ላይ ይሁን። ይህ የባልደረቦችሽንም ቁጣ ያበርደዋል፣ ግን ዘዴ አድርገሽ ሳታናግሪያቸው እንዳትልኪው። ስማቸው ሊገባ የታሰበ ሰዎችን አንድ በአንድ ሂጂና «ይህች ረድፍ ወዳንተ ናት ብዬ አስቤያለሁ፣ ቀኑ ይመችሃል?» በይ። የሚቆጣው ስሙ ስለተጻፈ አይደለም፣ ሳይጠየቅ ስለተጻፈ ነው። ደግሞ አንዳንዱ «እሱ ቀን አይመቸኝም፣ ግን በሳምንቱ እችላለሁ» ይልሻል፣ ያኔ እውነተኛ ቀን አገኘሽ።

አሁን ጋሼ። የጥያቄ ምልክት የበዛበትን ሰንጠረዥ በኢሜይል እንዳትልኪላቸው። አትመሽው በእጅሽ ያዢና ጠዋት ቡና ከጠጡ በኋላ ግቢ። እርሳስ ይዘሽ ሂጂ። «ጋሼ፣ ሰንጠረዡ ሰው ሰው ይጠይቃል፣ የጻፉትን ግሥ ሁሉ አውጥቼ ደረደርኩት። ሃያ ደቂቃ ቢሰጡኝ እርስዎ እየነገሩኝ ልሙላው» በያቸው። ከዚያ «እዚህ ላይ ማንን ልጻፍ?» እያልሽ ሂጂ። «ማን እንደሆነ አልጻፉም» እና «ማንን ልጻፍ?» አንድ ጥያቄ ናቸው፣ የመጀመሪያው ግን ወቀሳ ነው፣ ሁለተኛው ትእዛዝ መጠየቅ ነው። አንቺ ደግሞ በእውነትም ትእዛዛቸውን እየጠየቅሽ ነው።

የኮንክሪቱን ነገር መጨረሻ ላይ አድርጊው። «ተሳስተዋል» አትበያቸው፣ በእርሳስ ቀኑን እየቆጠርሽ አብረሽ አሳዪያቸው፤ መጋቢት 15፣ ሲደመር 28፣ ሚያዝያ 13። ዝም ብለሽ ጠብቂ። ገጠር የኖሩ፣ ብዙ ግንባታ ያዩ ሰው ከሆኑ ራሳቸው «አይ፣ ይሄማ አይሆንም» ይላሉ፣ መፍትሔውም ከሳቸው ይወጣል። ባይሆንስ? «ተይው፣ እንደዚያው ላኪው» ቢሉሽስ? እሺ በይ፣ ግን ከሰንጠረዡ ግርጌ አንድ መስመር ጻፊ፦ «የማጠራቀሚያው ኮንክሪት እስከ የካቲት 20 ካልተሞላ የርክክቡ ቀን ይለወጣል።» ይህ ማንንም አይወቅስም፣ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ሁኔታ ነው። አስነብቢያቸውና ላኪ።

ከመላክሽ በፊት አንድ ማጣሪያ አለ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። በየረድፉ የመጣበትን ገጽና አንቀጽ የሚጽፍ ትንሽ ዓምድ አድርጊ። ከዚያ ያሰመርሽበትን የጋሼን ጽሑፍ ወስደሽ እያንዳንዱን ግሥ ከሰንጠረዡ ጋር አመሳክሪ። ሰንጠረዡ ውስጥ ያልተገኘ ግሥ ካለ የረሳሽው ሥራ ነው። ገጽ ቁጥር የሌለው ረድፍ ካለ ደግሞ አንቺ የፈጠርሽው ነው፣ ወይ ጋሼ ያጽድቁት ወይ ይውጣ። ስድስቱን ገጽ ግን እንዳትጥይው። ለምን ይህ ምንጭ እንደተመረጠ፣ ሴቶቹ ስንት ሰዓት እንደሚጓዙ፣ ያ ሁሉ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ሰንጠረዡን ከጽሑፉ ጋር አያይዘሽ ላኪ፣ ጋሼም ጽሑፋቸው እንዳልተጣለ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ሐሙስ ድረስ ሁሉም ባይሞላስ? ላኪው። ያልተወሰነው ላይ «እስከ ታኅሣሥ 10 ይወሰናል» ብለሽ፣ የሚወስነውን ሰው መደብ ጽፈሽ ላኪ። ለጋሽ የሚፈራው ባዶ ሳጥን ሳይሆን በኋላ የሚገለጥ ባዶ ሳጥን ነው። ያንቺ ስም ደግሞ በእውነት የምትሠሪያቸው ረድፎች ላይ ይቅር። ሥልጠናው የአንቺ ይመስለኛል፣ የለጋሹ ሪፖርትም። ስንት ረድፍ እንደሚቀርሽ ቆጥረሽ ጻፊልኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እና ጋሼ ጋ ስትገቢ የግዢው ረድፍ ላይ ስትደርሺ፣ «ማንን ልጻፍ?» ካልሽ በኋላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ ሲሚንቶው ሲመጣ የት ነው የሚያድረው?